ለንደን ላይ ወርሃዊ ትራቭልካርድ ልግዛ ወይስ በየጉዞው ልክፈል? ለአዲስ ተማሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የአክስቴ ልጅ ለማስተርስ ለንደን በገባች በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «ጋሼ፣ የወር ካርድ ልግዛ እንዴ? እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ ያለ እሱ ገንዘብሽ በባቡር ያልቃል ይሉኛል» አለችኝ። የወር ካርድ ያለችው ወርሃዊ ትራቭልካርድን ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ወሩን ሙሉ በተመረጡ የከተማው ክፍሎች በባቡርና በአውቶቡስ የሚያስኬድ ፓስ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ ሰምቼ ሳላሰላ ገዝቻለሁ። ዲሴምበር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ካርዱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ተቀመጠ። ስለዚህ መጀመሪያ ያልኳት «ምንም አትግዢ፣ የትምህርት ፕሮግራምሽን ላኪልኝ» ነው። ከዚያ በኋላ አብረን ያደረግነውን ስሌት እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ሁለት ነገሮችን ቀድሜ ልናገር። ሰዓቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በለንደን አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 9:30 ስል በእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ማለቴ ነው። ዋጋዎቹ ደግሞ ከማርች 2025 ጀምሮ የሠሩት ናቸው። ታሪፉ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ማርች ላይ ስለሚለወጥ፣ ስታሰሉ የዕለቱን ዋጋ የለንደን ትራንስፖርት ድረ-ገጽ ከሆነው ከ tfl.gov.uk ወስዳችሁ በእኔ ቁጥር ቦታ ተኩ። የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ቅናሹ የት ላይ እንደሚሠራ እወቁ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለተማሪ የሚሰጠው ካርድ ስክሪን ላይ 18+ Student Oyster photocard ተብሎ ይገኛል። ዕድሜው 18 የሞላው፣ ትምህርት ቤቱ በዕቅዱ የተመዘገበና በትምህርት ወቅት አድራሻው ለንደን ውስጥ የሆነ ተማሪ ማመልከት ይችላል። ካርዱ 30 በመቶ ይቀንሳል። ነገር ግን የሚቀንሰው ከሳምንት፣ ከወርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ትራቭልካርዶች እንዲሁም ከአውቶቡስ ፓስ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። በየጉዞው ሲከፈል ከሚቆረጠው ገንዘብ ላይ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ፎቶው የተለጠፈበትን ካርድ ይዘው፣ ሂሳብ እየሞሉበት፣ «እኔ እኮ በተማሪ ዋጋ ነው የምሄደው» ብለው ዓመቱን የጨረሱ ልጆች አውቃለሁ። የከፈሉት እንደ ማንኛውም ሰው ሙሉ ዋጋ ነበር።

በየጉዞው ለሚከፍል ሰው የሚሠራው ቅናሽ ሌላ ነው፤ 16-25 Railcard ይባላል። በ2025 ዋጋው ለዓመት 35 ፓውንድ ነበር። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ዕድሜው ከ25 ያለፈ ሰውም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ማግኘት ይችላል። ሬልካርዱ ሂሳብ ተሞልቶበት በር ላይ ከሚነካው ከኦይስተር ካርድ ጋር ሲያያዝ፣ ግርግር በሌለበት ሰዓት የሚደረግን የባቡር ጉዞ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። በግርግር ሰዓትና በአውቶቡስ ላይ አይሠራም።

እንግዲህ የተማሪ ካርዱ የሚረዳው ፓስ የሚገዛውን ነው። ሬልካርዱ የሚረዳው በየጉዞው እየከፈለ ከግርግር ሰዓት ውጭ የሚጓዘውን ነው። «ፓስ ወይስ በየጉዞው» የሚለው ጥያቄ ለተማሪ ሲሆን ከእነዚህ ሁለት ቅናሾች የትኛው ለእናንተ ይሻላል የሚል ጥያቄ ነው። መልሱን የሚወስነውም የቤታችሁ ርቀት ብቻ አይደለም፤ የክፍል ሰዓታችሁ የበለጠ ይወስነዋል።

ቀጥሎ፦ ግርግር የሚባለውን ሰዓት ለዩ

እዚያ ያለው ሰው ፒክ እና ኦፍ-ፒክ ነው የሚለው። ፒክ ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ6:30 እስከ 9:30፣ ከሰዓት ከ4:00 እስከ 7:00 ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓል ቀን ቀኑን ሙሉ ኦፍ-ፒክ ነው። የሚቆጠረው ስትገቡ ካርዱን የነካችሁበት ሰዓት ነው እንጂ የወረዳችሁበት አይደለም። 9:25 ላይ የነካ ሰው ፒክ ይከፍላል፤ 9:31 ላይ የነካው ኦፍ-ፒክ ነው። የ10 ሰዓት ክፍል ላለው ሰው በር ላይ ስድስት ደቂቃ መቆም በየቀኑ ገንዘብ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሰዓት በኋላ ባለው የፒክ ጊዜ ከመሃል ከተማው ውጭ ካለ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ዞን 1 የሚገባ ሰው የሚከፍለው የኦፍ-ፒክ ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ በዚያ ሰዓት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። የማታ ትምህርት ያለው ተማሪ 5 ሰዓት ላይ ከቤቱ ቢነሳና ከ7 በኋላ ቢመለስ ሁለቱንም ጉዞ በኦፍ-ፒክ ይጓዛል።

ዞን የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ላይ ለለመደ ሰው ትንሽ ግራ ያጋባል። እኛ ታክሲ የምንከፍለው ከዚህ እስከዚያ ባለው መንገድ ነው። ለንደን ግን ከተማውን እንደ ቀለበት ከፋፍለውታል፤ መሃሉ ዞን 1 ነው፣ ቁጥሩ ወደ ውጭ እየጨመረ ይሄዳል። የምትከፍሉት ስንት ቀለበት እንዳቋረጣችሁ ታይቶ ነው። አውቶቡስ ግን ዞን የለውም፤ የትም ብትሄዱ በ2025 አንድ ጉዞ 1.75 ፓውንድ ነበር። የመጀመሪያውን ከነካችሁ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትቀይሩ ድጋሚ አትከፍሉም።

ሦስተኛ፦ ጣሪያውን ዕወቁት

ወርሃዊ ፓስ ግዴታ የሚመስለው ሰዎች የቀድሞውን ዘመን ይዘው ስለሚያወሩ ነው። ዛሬ በኦይስተር ወይም በባንክ ካርድ በየጉዞው የሚከፍል ሰው የቀንና የሳምንት ጣሪያ አለው። በ2025 በዞን 1 እና 2 ውስጥ በአንድ ቀን ከ8.90 ፓውንድ፣ በአንድ ሳምንት ከ44.70 ፓውንድ በላይ አይቆረጥበትም ነበር። ጣሪያው ከሞላ በኋላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ያለው ጉዞ ነፃ ነው። የአውቶቡስ ብቻ ተጠቃሚ ደግሞ ጣሪያው በቀን 5.25፣ በሳምንት 24.70 ነበር።

44.70 ፓውንድ የሳምንት ትራቭልካርድ ዋጋ ራሱ ነበር። ስለዚህ ያለ ተማሪ ቅናሽ የሳምንት ትራቭልካርድ መግዛት ለአብዛኛው ሰው ትርጉም የለውም፤ ብዙ ብትጓዙ ያው ዋጋ ላይ ትቆማላችሁ፣ ትንሽ ብትጓዙ ትተርፋላችሁ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ጣሪያው የሚቆጠረው ሁልጊዜ ከሰኞ እስከ እሑድ ሲሆን፣ ትራቭልካርድ ግን ከፈለጋችሁት ቀን ይጀምራል።

የወሩ ትራቭልካርድ ዋጋ የሳምንቱ 3.84 እጥፍ ነው። ለዞን 1 እና 2 በ2025 171.70 ፓውንድ ነበር። በ30 በመቶ የተማሪ ቅናሽ ወደ 120 ይወርዳል።

አራተኛ፦ ሁለት ሳምንት በየጉዞው እየከፈላችሁ ተጓዙ

ለማስላት እውነተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሰው ስለ ራሱ ጉዞ የሚገምተው ሁሌም ከእውነቱ ይርቃል። ኦይስተር ካርድ ግዙና ድረ-ገጹ ላይ በስማችሁ አስመዝግቡት። የተመዘገበ ካርድ ቢጠፋ ያለው ሂሳብና ፓስ ወደ ሌላ ካርድ ይዛወራል። ጉዞዎቻችሁ ከነሰዓታቸውና ከነዋጋቸው አካውንቱ ውስጥ ይታያሉ፤ የኦይስተር መዝገብ ስምንት ሳምንት ወደኋላ ያሳያል። TfL Go የሚባለው መተግበሪያም ይህንኑ ስልካችሁ ላይ ያቀርባል።

ባንክ አካውንት እስክትከፍቱ ድረስ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን ካርድ በሩ ላይ ከመንካት ኦይስተር ይሻላል። የውጭ ካርድ ዋጋው ያው ቢሆንም ባንኩ በእያንዳንዱ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ ላይ የራሱን ሊጨምርበት ይችላል። ሌላው ምክንያት ሬልካርድ የሚያያዘው ከኦይስተር ጋር ብቻ መሆኑ ነው፤ ከባንክ ካርድ ጋር አይያያዝም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከስሌት አውጡት። በዚያ ሳምንት ብርድ ልብስ ለመግዛት፣ ባንክ ለመሄድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ትዞራላችሁ። ያ ሳምንት የእናንተን ኑሮ አያሳይም።

አምስተኛ፦ የአንድ ሳምንት ሂሳብ ጻፉ

የአክስቴን ልጅ ላሳያችሁ። ቤቷ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ነው፤ ዞን 2። ትምህርቷ ብሉምስበሪ ውስጥ ነው፤ የምትወርደው ረስል ስኩዌር፣ ዞን 1። ፒካዲሊ መስመር ሳትቀይር ያደርሳታል። በ2025 ለዞን 1 እና 2 አንድ ጉዞ በፒክ 3.50፣ በኦፍ-ፒክ 2.90 ፓውንድ ነበር።

ሰኞ የ10 ሰዓት ክፍል አላት። 9:35 ነክታ ትገባለች፤ 2.90። አምስት ሰዓት ላይ ስትመለስ ፒክ ነው፤ 3.50። የቀኑ 6.40።

ማክሰኞ ከሰዓት 1:30 ሄዳ 6:30 ትመለሳለች። አሁንም አንዱ ኦፍ-ፒክ፣ አንዱ ፒክ፤ 6.40።

ሐሙስ የ9 ሰዓት ክፍል ስላላት ጠዋት ፒክ ትከፍላለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስትመለስ ኦፍ-ፒክ፤ እንደገና 6.40።

ቅዳሜ መሃል ከተማ ደርሳ ትመለሳለች፤ ሁለቱም ኦፍ-ፒክ፣ 5.80። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ ሄዳ ትመለሳለች። ቅዳሴው ረጅም ስለሆነ የአንድ ሰዓቱ ነፃ ቅያሪ አይደርስላትም፤ 3.50።

ሲደመር 28.50 ፓውንድ ነው። ከሳምንቱ ጣሪያ፣ ከ44.70፣ በጣም ያንሳል። አንዱም ቀን የቀኑን ጣሪያ አልነካም።

ስድስተኛ፦ ሳምንቱን ወደ ወር ለውጡት

እዚህ ላይ በአራት አታባዙ። ወር አራት ሳምንት አይደለም፤ 4.3 ሳምንት ገደማ ነው። በአራት ያባዛ ሰው ፓሱ ከእውነቱ በላይ ውድ ይመስለዋል።

28.50 በ4.3 ሲባዛ 122.55 ነው። የተማሪው ወርሃዊ ትራቭልካርድ 120 ነበር። እኩል ሊባል የሚችል ነው። ይህን ስታይ «በቃ ፓሱን ልግዛው፣ ቢያንስ እንደፈለግኩ እሄዳለሁ» አለች። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ሬልካርዱን ገና አላሰላንም ነበር።

ሬልካርዱ ሲያያዝ 2.90 የነበረው ወደ 1.90 ገደማ ይወርዳል። በሳምንት አምስት ኦፍ-ፒክ የባቡር ጉዞ አላት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንዳንድ፣ ቅዳሜ ሁለት። ይህ 9.50 ይሆናል። ሦስቱ ፒክ ጉዞዎች እንዳሉ ይቆያሉ፤ 10.50። አውቶቡሱም አይቀንስም፤ 3.50። ጠቅላላው 23.50፣ በወር 101 ፓውንድ ገደማ። የሬልካርዱ የራሱ ዋጋ ለዓመት ሲከፋፈል በወር ሦስት ፓውንድ ያህል ነው። ያንንም ጨምረን 104 ነው፤ ከፓሱ 16 ፓውንድ ያንሳል። የማትሄድባቸው ሳምንታት ሲመጡ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ቤት ስትቀመጥ አትከፍልምና።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ቤቷ ውስጥ ማጥናት አቅቷት ረቡዕና ዓርብም ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመረች እንበል፤ በየቀኑ አንድ ፒክ፣ አንድ ኦፍ-ፒክ። ከሬልካርድ ጋር በቀን 5.40፣ ለሁለት ቀን 10.80 ይጨመራል። ሳምንቱ 34.30 ይሆናል፤ በወር 147 ገደማ። አሁን የ120ው ፓስ በወር ወደ 30 ፓውንድ ያተርፍላታል። ያለ ሬልካርድ ቢሆን 41.30 ትከፍል ነበር፤ በወር ወደ 178። ቤቱ ያው ነው፣ ትምህርት ቤቱ ያው ነው። ውሳኔውን የገለበጠው በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

ለዚህ ነው አንድ ተማሪ ሌላውን «እኔ ፓስ ነው የያዝኩት፣ አንተም ያዝ» ሲል የማልስማማው። የላቦራቶሪ ትምህርት ያለው በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት በፒክ ይገባል፤ ለእሱ ፓስ ነው የሚሻለው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ሴሚናር ያለው ልጅ የእሱን ምክር ቢከተል በየወሩ ገንዘብ ይጥላል።

ሰባተኛ፦ ለማንኛውም ዞን የሚሠራውን መስመር ተጠቀሙ

ከላይ ያለውን ሁሉ ደጋግሜ ካሰላሁ በኋላ አንድ አጭር መንገድ አገኘሁ። የወሩ ዋጋ የሳምንቱ ጣሪያ 3.84 እጥፍ ስለሆነና ተማሪ የዚያን 70 በመቶ ስለሚከፍል፣ ለ4.3 ሳምንት ሲካፈል ሁልጊዜ የሳምንቱ ጣሪያ 0.625 እጅ ላይ ይወድቃል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
3.84 × 0.70 ÷ 4.3 = 0.625
44.70 × 0.625 = 27.94
```

የዞናችሁን የሳምንት ጣሪያ ፈልጉ፤ በ0.625 አባዙት። በተለመደ ሳምንት የምታወጡት ከዚያ በላይ ከሆነ የተማሪው ወርሃዊ ፓስ ይሻላል። ከዚያ በታች ከሆነ በየጉዞው ክፈሉ። በዞን 1 እና 2 መስመሩ 28 ፓውንድ ላይ ነው። የምታወዳድሩት ከሬልካርድ በኋላ ያለውን ወጪ ይሁን፤ ሬልካርዱ ለእናንተ የሚሆን ከሆነ።

የተማሪ ካርድ የማይሰጣችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤታችሁ ዕቅዱ ውስጥ ከሌለ፣ መስመሩ በጣም ይርቃል፤ የጣሪያው 0.89 እጅ ይሆናል፣ በዞን 1 እና 2 ወደ 40 ፓውንድ። በየሳምንቱ ጣሪያውን የሚሞላ ሰው እንኳ በወር የሚያተርፈው 20 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሳምንት ቢታመም ትርፉ ይጠፋል። እንደዚህ ላለ ሰው ጣሪያው ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

በየጉዞው የመክፈል ስህተት ጣሪያ አለው፤ ፓስ ገዝቶ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን የከፈለውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ መስመሩ ላይ ሲሆንና መወሰን ሲያቅታችሁ በየጉዞው ክፈሉ። 120 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ማውጣት የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚያስከትልም አስቡበት።

ስምንተኛ፦ አውቶቡሱን ሳታዩ አትወስኑ

ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ቁጥር 29 አውቶቡስ ያልፋል፤ በካምደን አድርጎ ወደ መሃል ከተማ፣ ብሉምስበሪ አጠገብ ይደርሳል። ባቡሩ በሩብ ሰዓት የሚያደርሰውን አውቶቡሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መንገድ ሲዘጋጋ ከዚያም ይብሳል። ዋጋው ግን በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ 17.50 ነው፤ በወር 75 ገደማ። የወሩ የአውቶቡስ ፓስ በ2025 ሙሉ ዋጋው 94.90 ሲሆን፣ በተማሪ ቅናሽ ወደ 66 ይወርዳል። በሳምንት ዘጠኝ ጊዜና ከዚያ በላይ አውቶቡስ ለሚሳፈር ተማሪ ፓሱ ይሻላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግርግር የሚባል ሰዓት የለም፤ ዋጋው ጠዋትም ማታም አንድ ነው። የ9 ሰዓት ክፍል የበዛበት ተማሪ አውቶቡስን በጣም ቢያስብበት እመክራለሁ። ሌላም ልጨምር፤ የማንኛውም ዞን ትራቭልካርድ ያለው ሰው በለንደን አውቶቡሶች ሁሉ ላይ በነፃ ይሳፈራል፣ አውቶቡሱ ከዞኑ ውጭ ቢሆንም። ዞን 3 ጫፍ ላይ የሚኖር ሰው እስከ ዞን 2 ጣቢያ በአውቶቡስ መጥቶ የዞን 1 እና 2 ፓስ ብቻ መግዛት ይችላል።

ዘጠነኛ፦ ፓስ ከሆነ፣ ቀኑን ከትምህርት ወቅቱ ጋር አስማሙ

ስሌቱ ወደ ፓስ ካደላ፣ መጀመሪያ የተማሪ ካርዱን ድረ-ገጹ ላይ አመልክቱ። ፎቶና ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ የምዝገባ ቁጥር ያስፈልጋል። ምዝገባችሁ ገና ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ካልገባ ማመልከቻው አይሳካም፤ ስለዚህ ምዝገባው እንዳለቀ ወዲያው አመልክቱ፣ ካርዱ እስኪደርስ በየጉዞው ክፈሉ። ማመልከቻው የሚከፈልበት ነው፤ ነገር ግን በዞን 1 እና 2 ቅናሹ በወር 50 ፓውንድ ስለሚደርስ በመጀመሪያው ወር ይመለሳል።

ወርሃዊ ትራቭልካርድ ከወሩ አንደኛ ቀን መጀመር የለበትም፤ ከመረጣችሁት ቀን ይጀምራል። ከአንድ ወር በላይ ደግሞ ሁለት ወር ከሰባት ቀን እንደሚባለው ተጨማሪ ቀናት ጨምሮ መግዛት ይቻላል። ትምህርቱ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ የሚዘጋ ከሆነ ፓሱ በዚያው ቀን እንዲያልቅ አድርጉ። ሦስት ሙሉ ወር ገዝቶ የገናን ዕረፍት መክፈል ምንም አይጠቅምም። በፈረንጆቹ ገና ዕለት እንኳ ባቡርና አውቶቡስ አይሠራም።

«አልጠቀምበትም ካልኩ እመልሰዋለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ። ገንዘብ ሲመለስ የተጠቀማችሁበት ጊዜ በአጭር ጊዜ ትኬት ዋጋ ተሰልቶ ይቀነሳል፤ ግማሽ ወር ተጠቅሞ ግማሹን ገንዘብ ማግኘት አይቻልም።

ስሌቱን የሚያበላሹ ነገሮች

የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ሂሳቧ ከገመትነው በላይ ሆኖ አገኘችው። መዝገቡን ከፍተን ስናይ ጠዋት በባንክ ካርዷ ነክታ፣ ማታ ካርዱን ከቦርሳ ማውጣት ሰልችቷት በስልኳ ነክታ ነበር። ስልክ ላይ የተጫነ ካርድ፣ የባንኩ ካርድ ያው ቢሆንም፣ ለሥርዓቱ ሌላ ካርድ ነው። አንዱ ላይ መግቢያ ብቻ፣ ሌላው ላይ መውጫ ብቻ ተመዝግቦ ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች ሆኑባት፤ ላልተጠናቀቀ ጉዞ የሚቆረጠው ከፍተኛው ታሪፍ ነው። የቀኑና የሳምንቱ ጣሪያም ለሁለት ተከፈለ። አንድ ካርድ ምረጡ፣ ሌላውን ከምትነኩበት ቦታ አርቁት። እንዲህ ያለ ስህተት ከተፈጠረ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን ጣቢያ ሞልቶ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ሳይርቅ አድርጉት።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ሲወጡ መንካት ነው። አገር ቤት ለረዳቱ ከፍለህ ከወረድክ በኋላ ማንም አይጠይቅህም። በባቡር ግን በሩ ክፍት ሆኖ ብታገኙትም ነክታችሁ ውጡ። በአውቶቡስ ስትሳፈሩ ብቻ ነው የሚነካው፤ ሲወርዱ አይነካም።

ሬልካርድ ገዝቶ ቅናሽ ያላገኘ ሰው ብዙ ነው፤ መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ኦይስተሩንና ሬልካርዱን ይዛችሁ ወደ አንድ የምድር ባቡር ጣቢያ ሂዱና ሠራተኛውን እንዲያያይዝላችሁ ጠይቁ፤ ማሽኑ አጠገብ በደቂቃ ያልቃል። መሥራቱን የምታረጋግጡት በሚቀጥለው ኦፍ-ፒክ ጉዞ ነው፤ መዝገቡ ላይ 2.90 ካለ አልተያያዘም። ሬልካርዱ በዓመቱ ሲታደስም እንደገና ማያያዝ ያስፈልጋል።

ፓስ የያዘ ሰው ደግሞ ከዞኑ ሲወጣ ተጨማሪው ከኦይስተሩ ሂሳብ ላይ ይቆረጣል። የዞን 1 እና 2 ፓስ ይዛችሁ ዞን 6 ያለው ሂትሮው ዘመድ ልትቀበሉ ስትሄዱ፣ ካርዱ ላይ ጥቂት ፓውንድ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

ስሌቱን መቼ እንደገና መሥራት

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ወቅት በሬልካርድና በየጉዞው ከፍላ ጨረሰች። ጃንዋሪ ላይ ፕሮግራሟ ተቀየረ። ሦስቱ ክፍሎች ወደ ጠዋት መጡ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ምሽት ላይ ሥራ ጀመረች፤ በተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። አዲሱን ሳምንት ራሷ ጽፋ ደመረችው፤ 36 ፓውንድ መጣ። ከ28 በላይ ነው። ጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ላይ የሚጀምር፣ ትምህርቱ ለፋሲካ በሚዘጋበት ዓርብ የሚያልቅ ትራቭልካርድ በተማሪ ካርዷ ላይ ገዛች። ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ስለሆነ ቤት ልትቀመጥ ነው። ያኔ እንደገና ትደምራለች።